ግሩፕ ውስጥ ሳልለጥፍ ከግሩፕ ደንበኛ የማገኘው እንዴት ነው

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቅመማ ቅመም። ረመዳን ሲደርስ ደግሞ የሾርባ እህልና ቴምር እጨምራለሁ። ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ስለሚል በደጄ የሚያልፈው ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ደንበኛ የሚመጣልኝ በአብዛኛው በስልክ በኩል ነው፤ አንዷ ለሌላዋ ቴሌግራም ላይ ነግራት። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች «የት የት ነው የምትለጥፊው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አንድም ግሩፕ ውስጥ አልለጥፍም። እንዴት እንደምሠራ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው፣ ሲጠይቁኝ ሁሌ ግማሹን እየረሳሁ ስለምነግራቸው።

ያለሁባቸው ግሩፖች እንደማንኛውም ሰው ናቸው። የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ፣ የዕድራችን፣ የሰፈራችን፣ የእቁባችን። አንዱም ውስጥ የገባሁት በነጋዴነት አይደለም። ወላጅ ስለሆንኩ ነው፣ ጎረቤት ስለሆንኩ ነው። የወላጆቹ ግሩፕ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ራሱ ጥቂት ነው፤ «የናሆም እናት» ነኝ። እዚያ ውስጥ የሽሮ ፎቶ ብለጥፍ የሚከለክለኝ ላይኖር ይችላል። አድሚኑም ይሉኝታ ይይዘዋል። ግን ምን እንደሚከተል ሌሎች ሲለጥፉ እያየሁ ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ አንድ ሰው ይለጥፋል። ሳምንት ሳይሞላ ሌላው «እኔም ላስተዋውቅ» ይላል። ከዚያ የጫማ፣ የሽቶ፣ የመጋረጃ ፎቶ በላይ በላዩ ይደረደራል፣ አንዳንዱ አሥር አሥራ ሁለት ፎቶ በአንዴ ይለቃል፣ ፓኬጁ ትንሽ የሆነ ሰው ዳታው በማያውቀው መጋረጃ ያልቅበታል፣ ከዚያ ማንም ሳይናገር ሳይቆጣ ግሩፑን ሚዩት ያደርገዋል። ሚዩት ያደረገ ሰው ግሩፑን አልለቀቀም፤ የአባላት ቁጥር ላይ አሁንም አለ። ግን የለም። ይህን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ግሩፑ ከመቶ ሰው በታች ከሆነ፣ ቴሌግራም ላይ ራሳችሁ የጻፋችሁትን መልእክት ነካ ስታደርጉት እነማን እንዳዩት ለሰባት ቀን ያህል ያሳያል። ዋትስአፕም መልእክቱን ተጭናችሁ ስትይዙት ዝርዝሩን ያወጣል። ማስታወቂያ የበዛበት ግሩፕ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ እንኳን ግማሹ ሰው ሳያየው ሲያልፍ አይቻለሁ። እዚያ የሚለጠፍ ሽሮ ማን ያየዋል?

ስለዚህ የእኔ ሥራ መለጠፍ አይደለም። አንድ ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲጠይቅ ሌላ ሰው ስለ እኔ እንዲመልስ ነው፣ ሲመልስ ደግሞ በእጁ የሚሰጠው ነገር እንዲኖረው። ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይረሳል። ሰው ስለ ሱቃችሁ በጎ ነገር ሊናገር ፈቃደኛ ነው። ግን ስልክ ቁጥር ፍለጋ፣ ቦታውን ማስረዳት፣ ዋጋ መጠየቅ ሲመጣ «ቆይ በኋላ እነግርሻለሁ» ይልና ይረሳዋል።

አንድ ቀን የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። የወላጆቹ ግሩፕ ውስጥ አንዲት እናት «እናቶች፣ ዘንድሮ ሽሮ አላስፈጨሁም፣ የሚታመን ቤት የምታውቁ?» ብላ ጻፈች። አየሁት። አልመለስኩም። እጄን አልበላኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን የሸማች ጥያቄ ላይ ሻጭ ቀድሞ ከገባ ሌላው ሰው አፉን ይዘጋል። እኔ «እኔ ጋ አለ» ካልኩ በኋላ «የእሷ ጥሩ ነው» የምትል ሴት በእኔ ተለምና የመሰከረች መስሎ ይሰማታል። ትንሽ ቆይቶ የፌቨን እናት መለሰች። ከእኔ ትገዛለች። «እኔ ከዚህ ነው የምወስደው፣ ድስት ላይ አይጓጉልም» አለችና ከሥሩ እኔ የላክሁላትን መልእክት ፎርዋርድ አደረገችው። ቀጥላ ሌላ እናት «እኔም ከዚያው ነው፣ ግን በጠዋት ሂጂ ከሰዓት ያልቃል» ብላ ጨመረች። የጠየቀችው እናት መልእክቱ ላይ ያለውን ስሜን ነካ አድርጋ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፣ በማግስቱ ባጃጅ ይዛ መጣች። ከእሷ በኋላ በዚያው ሳምንት ሌሎችም ከዚያው ግሩፕ መጡ፤ አንዳቸውም ምንም አልጻፉም ነበር፣ ዝም ብለው አንብበው ነው። ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ሰው ቢሆንም መልሱን የሚያነበው ብዙ ነው፣ መልሱ ግን ከደንበኛ አፍ ሲወጣ ነው የሚነበበው።

ያቺ የተላለፈችው መልእክት ከየት መጣች? እያንዳንዱ ደንበኛ ከእኔ ሲገዛ፣ ፈቃዱን ጠይቄ፣ በቴሌግራም አንድ መልእክት እልክለታለሁ። «ቁጥሬን እንዳይጠፋብዎ ልላክልዎ?» እላለሁ። አይ ካለ አልልክም። አዎ ካለ የሚደርሰው አንድ ፎቶና ጥቂት መስመር ነው። ለምሳሌ የምጥን ሽሮው እንዲህ ይላል፦

«ምጥን ሽሮ። ሽምብራና አተር፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ። ጨው የለውም። የየካቲት ዋጋ ኪሎው 320 ብር፣ ግማሽ ኪሎም አለ። ሄርማታ መርካቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤ ለባጃጅ ‹ወፍጮ ቤቱ ጋ› ማለት ይበቃል። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 1 ሰዓት። እሑድ ዝግ።»

ሌላ ነገር የለውም። «ውድ ደንበኞቻችን» የለም፣ የእሳት ምስል የለም፣ «ሼር አድርጉ» የለም። ይህ መልእክት የሚነበበው እኔ በሌለሁበት ነው። ስለዚህ ለብቻው መቆም አለበት። አንብቦት ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ተነስቶ መምጣት የሚችል ከሆነ ጥሩ ነው። ለመሞከር፣ ሱቁን ለማያውቅ ዘመድ ልካችሁ «ከዚህ ተነስተህ ትመጣለህ?» በሉት። የእኔ የመጀመሪያው ላይ ወንድሜ «ስንት ሰዓት ነው የምትዘጊው?» ሲለኝ ነው የሰዓቱ መስመር የገባው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሁለቱንም አዘጋጅቻለሁ። ጅማ ውስጥ ደንበኛው በየትኛው እንደሚያወራ አይታችሁ መላክ ነው፤ የሰፈራችን ግሩፕ ብዙው ወሬ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አንዲት አዴ በአማርኛ የተጻፈውን እንድታስተላልፍ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ዋጋው ላይ ወሩን የምጽፍበት ምክንያት አለ። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ መልእክት ቅጂ ነው። እናንተ ዋናውን ብታስተካክሉት፣ ግሩፕ ውስጥ የተላለፈው አይስተካከልም። የበርበሬ ዋጋ እንዴት እንደሚዘል ታውቃላችሁ። ወሩ ካልተጻፈ የጥቅምቱ ዋጋ በሚያዝያ ይዞሽ ይመጣል፣ ደንበኛዋ ስልኳን አውጥታ «ይኸው እዚህ ላይ» ትላለች፣ እሷም አልዋሸችም። ወሩ ካለበት ግን ራሷ «ይሄ የቆየ ነው፣ አሁን ስንት ገባ?» ብላ ትጀምራለች።

ሌላ የምትፈትሹት ነገር ቴሌግራም ውስጥ አለ። Settings ውስጥ Privacy and Security፣ ከዚያ Forwarded Messages የሚል አለ። እሱ Nobody ላይ ከሆነ መልእክታችሁ ሲተላለፍ ስማችሁ ይታያል እንጂ ሲነካ ወደ እናንተ አይወስድም። ያ ሁሉ ምስክርነት ተሰጥቶ በሩ ዝግ ማለት ነው። Everybody ላይ አድርጉት። ሰው ስልክ ቁጥራችሁን ግሩፕ ውስጥ እንዲጽፍ እንዳይገደድ የተጠቃሚ ስምም አውጡ፤ በ@ የሚጀምረውን ማለቴ ነው። አጭርና ለመጻፍ የማያሳስት ይሁን። እኔ አሁን መልእክቶቹን የማስቀምጠው ትንሽ ቻናል ላይ ነው፣ ከዚያ ነው ለደንበኛ የማስተላልፈው። ስለዚህ የተላለፈውን የነካ ሰው ቻናሉ ላይ ያርፋል፣ የዛሬውን ዋጋ ከላይ ተሰክቶ ያገኘዋል። ቻናሉ ውስጥ ማንንም አልጨምርም። የፈለገ ይገባል። በሳምንት አንዴ ረቡዕ ማታ ብቻ ነው የምለጥፈው፣ ሐሙስ ትልቁ ገበያ ስለሆነ።

እኔ ራሴ ግሩፕ ውስጥ የምናገርባቸው ጊዜያትም አሉ። አንደኛው በስሜ ስጠራ ነው። «የናሆም እናት፣ አንቺ ጋ በሶ አለ?» ካለችኝ፣ ያቺው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጌ «አለ የፍራኦል እናት፣ በውስጥ ጻፍኩልሽ» እላለሁ። በቃ። ዋጋውም ፎቶውም በውስጥ ነው። ሁለተኛው ከሽያጭ ጋር የማይገናኝ የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ ነው። አንዷ «በርበሬዬ ነቀዘብኝ ምን ላድርግ?» ካለች የማውቀውን እነግራታለሁ፦ ንፊው፣ ጸሐይ ላይ በደንብ አናፍሽው፣ ከዚያ በደረቅ ዕቃ አፉን ገጥመሽ አስቀምጪው፣ እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። «አለበለዚያ ከእኔ ግዢ» አልልም። ስለ በርበሬ እንደማውቅ ያዩ ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይጠሩኛል።

ከግሩፕ ውስጥ የአባላትን ስም እያነሳችሁ በውስጥ መጻፍስ? ይህን አንድ የማውቀው የስልክ ዕቃ ነጋዴ አድርጎት ነበር። ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ገብቶ አባላቱን አንድ በአንድ «ሰላም ወንድሜ፣ አዲስ ከቨር ገብቷል» ይላል። ቴሌግራም ላይ የማያውቃችሁ ሰው መልእክታችሁን ስፓም ብሎ ማመልከት ይችላል፣ አንድ ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ሲያመለክት አካውንቱ ይገደባል። ያን ጊዜ ለማያውቃቸው ሰዎች መጻፍ አይችልም፣ ክፍት ግሩፖች ውስጥም አይችልም። ቀድመው ለጻፉለት ብቻ ይመልሳል። ችግሩ እሱ ሥራውን ሁሉ በዚያው ቁጥር ነበር የሚሠራው። «ኔትወርክ ነው» እያለ ቆየ። ኔትወርክ አልነበረም። @SpamBot የሚባለውን የቴሌግራም ቦት ከፍታችሁ ብትጠይቁት መገደብ አለመገደባችሁን ይነግራችኋል፣ የጊዜ ገደብ ካለውም ቀኑን ይጽፍላችኋል። መገደቡ ሲያልፍም የጻፈላቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ ያለው ስም አያልፍም፤ እኔ እንኳን ከቨር ስፈልግ ወደ እሱ አልሄድኩም።

ዋትስአፕ ለሚጠቀሙት፣ በተለይ ውጭ አገር ዘመድ ላላቸው ትልልቅ ደንበኞቼ፣ ብሮድካስት ሊስት የሚባለውን እጠቀማለሁ። እሱ ጥሩ ጠባይ አለው። ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ያልመዘገበ ሰው ጋ አይደርስም። ማለትም የሚደርሰው በፈቃዱ ለመዘገባችሁ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ዝም ብሎ ይቀራል።

አሁን ከባዱ ነገር። በግሩፕ የመጣ ስም በግሩፕ ይበላሻል። አንዴ አንዲት ደንበኛ በግሩፕ ውስጥ «ከናሆም እናት የወሰድኩት በርበሬ ጨው በዛበት፣ ወጡን አስደፋኝ» ብላ ጻፈች። የወሰደችው ምጥን በርበሬ ነው፣ ጨው ገብቶበት የተፈጨ። እሷ እንደ ተራ በርበሬ ቆጥራ ወጡ ላይ ሌላ ጨው ጨምራለች። ይህን ወዲያው ገባኝ። ግን ያን ማለት የለብኝም፣ በሰው ፊት «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» ማለት ነው። ያ ቢሆን እውነቱን እኔ ይዤ ደንበኞቹን እሷ ትወስድ ነበር። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ይቅርታ እህቴ፣ ወጥ መድፋት ያበሳጫል። አሁን ልደውልልሽ።» ሌላ ምንም። ስደውልላት ምጥኑ ጨው እንዳለበት ነገርኳት፣ «ውይ!» አለች፣ ቀሪውን ያልተቀመመ በርበሬ ልቀይርልሽ አልኳት፣ በማግስቱ መጥታ ቀየረች። ግሩፑ ውስጥ ተመልሼ አላስረዳሁም። ማታውን ራሷ «በርበሬው ጨው ያለበት ኖሮ ነው፣ ምጥን ስትገዙ ጨው አትጨምሩ፣ የናሆም እናት ቀይራልኛለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በምጥን በርበሬው መልእክት ላይ «ጨው አለው» የሚል መስመር አለ፣ በሽሮው ላይ «የለውም»። ያቺ አንዲት መስመር ከዋጋው ቀጥሎ በጣም የምትነበብ መስመር ሆናለች።

ማን ማንን እንደሚያመጣ ደግሞ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አዲስ ፊት ሲመጣ «ማን ነገረዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ እንደ ወሬ። ከስሙ ጎን «ፌቨን እናት»፣ «ዕድር»፣ «በር ላይ አይቶ» እላለሁ። ደብተሩ ያሳየኝ ያልጠበቅሁትን ነው። ግሩፕ ውስጥ ብዙ የሚያወሩት ሰዎች ብዙ አያመጡም። ብዙ የሚያመጡልኝ አንዲት አረጋዊት የዕድራችን እናት ናቸው፣ ግሩፕ ውስጥ «አሜን» ከማለት ውጪ ጽፈው አያውቁም። ቡና ሲጠጡ ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጥተው «ያንን የሽሮዋን ልጅ መልእክት ለእትዬ እከሌ ላኪላት» ይላሉ፣ እሱ ነው የሚሠራው። ለእኔ ይህ ማለት የምልከው መልእክት ለእሳቸው በሚሆን መልኩ ይጻፍ ማለት ነው፣ ፊደሉ በዛ ያላለ፣ ፎቶው ከሩቅ የሚታይ።

ላመጡልኝ ሰዎች ኮሚሽን አልከፍልም። «በሰው 20 ብር» የሚሉ ሱቆች አሉ፣ አውቃለሁ። ችግሩ ገንዘቡ ሲገባ ሴትየዋ ጥያቄ እስኪመጣ አትጠብቅም፣ ራሷ መለጠፍ ትጀምራለች፣ ያኔ ሰዎች «ምን ያህል ይሰጧታል?» ማለት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በፊት የተናገረችው ሁሉ ሳይቀር ዋጋ ያጣል። እኔ የማደርገው አዲስ ሽሮ ሲፈጭ ትንሽ፣ 200 ግራም የሚሆን፣ «ቅመሽና ንገሪኝ» ብዬ መስጠት ነው። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደገዛ ግን አልነግራትም። አንዳንዱ ሰው ሽሮ መግዛቱ እንዲወራ አይፈልግም፤ እዚህ አገር «ሽሮ እንኳን አታስፈጭም» መባል አሁንም ለአንዳንዶች ነውር ነው። «የላክሽልኝ ሰው መጥቶ ነበር፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል።

የማይሠራበት ቦታም አለ። ገና ለከፈተ ሱቅ አይሆንም፣ ምክንያቱም የሚመሰክር ደንበኛ የለም፤ ያኔ በእግር ዞሮ ማስቀመስ ነው መጀመሪያው። ቸኩሎ የሚሸጥ ነገርም በዚህ አይሆንም። ቲማቲም ሊበላሽብህ ከሆነ የሰው ጥያቄ አትጠብቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። የባቻቸው ግሩፕ ውስጥ ስምህ ከገባ በሶና ቆሎ በፍጥነት ይሸጣል፣ ግን ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። በየዓመቱ ከአዲስ ተማሪ ጋር እንደገና መጀመር ነው። መጀመሪያ ላይ ኪሳራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የተመረቁት ከአዲስ አበባ ይጽፉልኛል፣ ግሩፑ አልፈረሰማ። በቴሌብር ይከፍላሉ፣ ገንዘቡ መግባቱን በራሴ ስልክ አይቼ፣ የተላከልኝን ስክሪንሾት ሳይሆን፣ ካርቶኑን አስሬ መናኸሪያ ወስጄ ለአውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ። የታርጋውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ እጽፍላቸዋለሁ። ቅመሙ ሌላው ዕቃ ላይ እንዳይሸት ሁለት ፌስታል አድርጉበት፤ ረዳቶቹ አንዴ ከሸተታቸው ሁለተኛ አይቀበሉም።